«ሰላም» ብሎ ዝም

ዛሬ የማወራችሁ ስለ መድኃኒት አይደለም። እኔም እንደ ብዙዎቻችሁ የትዳር አጋር ስለምፈልግበት የመተዋወቂያ መተግበሪያ ነው።

የሌሊት ተረኝነት ጨርሼ ስልኬን ስከፍት ከሚጠብቁኝ መልእክቶች አብዛኞቹ «ሰላም» ወይም «ሃይ ቆንጆ» የሚሉ ናቸው። ክፋት የላቸውም። ግን «አሞኛል» ብሎ ዝም እንደሚል ታካሚ፣ የማውጣጣቱን ሥራ ሁሉ ለእኔ ይተዉታል። ደክሞኝ «ሰላም» እላለሁ፤ «እንዴት ነሽ?» ይለኛል፤ «ደህና» እላለሁ። ወሬው እዚያው ያልቃል።

ገጼ ላይ «ቅዳሜ ቅዳሜ እንጦጦ እወጣለሁ» ብዬ ጽፌአለሁ። አንዱ እንዲህ አለኝ፦ «እኔ ግማሽ መንገድ ሳልደርስ ትንፋሼ ይቆረጣል። አንቺ ስትጀምሪ የት ጋ ነበር የምታርፊው?» የጻፍኩትን አንብቧል፣ ስለ ራሱ ትንሽ ነግሮኛል፣ ለመመለስ የሚቀል ጥያቄም ጠይቋል። እንቅልፌን ትቼ መለስኩለት።

«እንጦጦ ትወጃለሽ?» ቢለኝ «አዎ» ብዬ እተኛ ነበር። «ቤትሽ የት ነው?» ቢለኝ ደግሞ ለማላውቀው ሰው ስለማልናገር ዝም እለው ነበር።

ገጹ ላይ ምንም ያልጻፈ ሰው ከገጠማችሁ ከፎቶው አንድ ነገር ምረጡ፤ ጀበናውን፣ ውሻውን፣ ጊታሩን። መልክን ተዉት፤ እሱን ሁሉም ይለዋል። ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። መልስ ካልመጣ አትደጋግሙ፤ ዝምታም መልስ ነው።