«ዛ ቭራቾም»

በ1976 ዓ.ም. በኦዴሳ ከተማ ለትምህርት ሳለሁ፣ አንድ ሌሊት ጓደኛችን በጽኑ ታመመ። ሩሲያዊቷ ጎረቤታችን «ያ ዛ ቭራቾም!» ብላ ሮጣ ወጣች። «ዛ» ማለት «ከኋላ» መሆኑን አውቅ ነበርና፣ «ሐኪሙ ከፊት፣ እርሷ ከኋላው ይመጣሉ» ስል ለጓዶቼ ተረጎምሁ። በዚህ ተማምነን ስልክ ሳንደውል አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀመጥን። ለካ ሴትዮዋ ያለችው «ሐኪም ልጠራ ሄድሁ» ኖሯል!

«ዛ» የተባለው መስተዋድድ ትርጉሙ የሚለየው በተከታዩ ስም መድረሻ ነው። «ዛ ዶሞም» ከቤቱ ኋላ መኖርን፣ «ዛ ዶም» ወደ ቤቱ ኋላ መሄድን ያመለክታል። የመጀመሪያውን ሙያ ሩሲያውያን ትቮሪቴልኒ፣ ሁለተኛውን ቪኒቴልኒ ይሉታል። ነገር ግን ትቮሪቴልኒ ከመሄድ ግሥ ጋር ሲገናኝ፣ ግሡ ባይነገርም እንኳ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሄዶ ማምጣትን ይገልጻል። ጎረቤታችን «ያ ዛ ቭራቻ» ብትል ኖሮ ደግሞ፣ «በሐኪም ፈንታ ያለሁት እኔ ነኝ» ማለቷ ይሆን ነበር።

ሐኪሙ ደርሶ ጓደኛችን ዳነ። እኔ ግን ከዚያ ሌሊት ወዲህ የስሙን መድረሻ ሳልሰማ «ዛ»ን ተርጉሜ አላውቅም።