ልክ ሆኖ መክሰር

የአክስቴ ልጅ ገበያውን ተሳስቶ ቢከስር ኖሮ እንዲህ ባልተንገበገብኩ። እስከ ዛሬ አንጀቴን የሚበላኝ ልክ መሆኑ ነው። ዩሮ በዶላር ላይ ይወጣል አለ፤ ወጣ። 1.1000 ይደርሳል አለ፤ ደረሰ። ሜሪላንድ ውስጥ ሌሊት ሌሊት እየነዳ ያጠራቀማት 2,000 ዶላር ግን ዩሮው እዚያ ሳይደርስ አለቀች።

ዩሮ ለቀናት ሲወርድ ከርሞ 1.0790 ላይ ሲደርስ ተመልሶ ነበር። ልጁ 1.0820 ላይ ገዛ። የገዛው ግማሽ ሎት ነው፤ 50,000 ዩሮ ማለት ነው። በዚህ መጠን ዋጋው አንድ ፒፕ በተንቀሳቀሰ ቁጥር 5 ዶላር ይመጣል ወይም ይሄዳል። ስቶፕ ሎሱን 1.0800 ላይ አደረገው። ለምን እዚያ እንዳደረገው ስጠይቀው፣ "ጋሼ፣ ከ100 ዶላር በላይ መክሰር ስለማልፈልግ ነው" አለኝ።

ነገሩ የተበላሸው እዚችው ላይ ነው። ስቶፕ የሚቀመጠው ግምታችን መሳሳቱ በሚረጋገጥበት ዋጋ ላይ ነው፤ ኪሳችን ስንት ይችላል የሚለው ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ነው። የልጁ ግምት 1.0790 አይሰበርም የሚል ነበር። ታዲያ ዋጋው 1.0800 ቢነካ ምኑ ተሰበረ? ዩሮ በአንድ ቀን 60 እና 70 ፒፕ ወዲያና ወዲህ ቢል ማንም አይደነቅም፤ 20 ፒፕ የራቀ ስቶፕ በዚያ መሀል አይተርፍም። በዚያ ላይ 1.0800 ድፍን ቁጥር ስለሆነ የብዙ ሰው ስቶፕ የሚከማችበት ቦታ ነው። ትክክለኛው ቦታ ከ1.0790 ዝቅ ብሎ፣ ለስፕሬዱም ትንሽ ተትቶለት፣ 1.0775 ነበር። ከመግቢያው 45 ፒፕ ይርቃል።

መጠኑ የሚሰላው ከዚህ በኋላ ነው። በአንድ ንግድ ከአካውንቱ 1 በመቶ በላይ አላጣም ያለ ሰው፣ ከ2,000 ዶላር የሚያስይዘው 20 ዶላር ነው። 20ን ለ45 ሲያካፍለው ለአንድ ፒፕ 44 ሳንቲም ያገኛል። 0.01 ሎት በፒፕ 10 ሳንቲም ስለሆነ፣ ወደ ታች አጠጋግቶ 0.04 ሎት ይገዛል። ስቶፑ ቢመታ 18 ዶላር ያጣል። ዋጋው 1.1000 ቢደርስ 180 ፒፕ፣ ማለትም 72 ዶላር ያገኛል። ይህን ስነግረው "72 ዶላር ምን ትሠራለች?" አለኝ። ካስያዘው አራት እጥፍ መሆኑ አልታየውም።

ዋጋው ወርዶ 1.0799 ነካና ስቶፑን ወስዶ ተመለሰ። 100 ዶላር ሄደ። ልጁ በእልህ 1.0815 ላይ 0.8 ሎት ገዛ፤ አሁን ጭራሽ ስቶፕ የለውም። የአሜሪካ ሕግ ለዋና ዋና ገንዘቦች የሚፈቅደው ሌቨሬጅ እስከ 50 እጥፍ ስለሆነ፣ ለዚህ ንግድ 1,730 ዶላር ማርጂን ተያዘበት። በእጁ የነበረው 1,900 ነው። የቀረችው 170 ዶላር በፒፕ 8 ዶላር ስትሰላ 22 ፒፕ እንኳ በወጉ አትሞላም። ብሮከሩ ደግሞ የአካውንቱ ጠቅላላ ቀሪ ከማርጂኑ ሲያንስ ንግዱን ይዘጋል። ስቶፕ አላስቀመጥኩም ያለው ልጅ ስቶፕ ነበረው፤ ያስቀመጠለት ግን የንግዱ መጠን ነበር። ዋጋው 1.0793 ነክቶ ተዘጋበት። ከዚያ ነጥብ በታች ዩሮ አልወረደም፤ 1.0775ም አልተነካም። ከዚህ በላይ የሚያንገበግብ ምን አለ?

የቀረውን ሲወጣ እየተከተለ በትልልቅ ሎት ጨረሰው። ከአካውንቱ ምን ያህል ዕድሜ እንዳባከነ የሚያሳየኝ ይህ ሂሳብ ነው፦ በየንግዱ ከቀሪው 1 በመቶ የሚያስይዝ ሰው አሥር ጊዜ በተከታታይ ቢሸነፍ ከ2,000 ዶላር ወደ 1,809 ይቀርለታል። 10 በመቶ የሚያስይዘው ግን ወደ 697 ይወርዳል፤ ወደነበረበት ለመመለስም ቀሪውን ሦስት እጥፍ ገደማ ማድረግ አለበት።

ስቶፕ ብቻውንም አያድንም። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 15 ቀን 2015 የስዊስ ብሔራዊ ባንክ 1 ዩሮ ከ1.20 ፍራንክ በታች እንዳይወርድ የያዘውን ገደብ በድንገት ሲተው፣ ብዙ ስቶፖች ከተቀመጡበት እጅግ ርቀው ነው የተፈጸሙት። ያን ቀን ሰዎችን ያተረፋቸው የያዙት መጠን ማነሱ ነበር።

ትንሽ አካውንት ይዛችሁ የምትገቡ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እባካችሁ መጀመሪያ የስቶፑን ቦታ ለዩ፣ ቀጥሎ ሎቱን አስሉ። 200 ዶላር ብቻ ካላችሁ 1 በመቶው 2 ዶላር ነው፤ በ45 ፒፕ ስቶፕ ትንሿ 0.01 ሎት እንኳ 4 ዶላር ከ50 ታስከስራለች። እንዲህ ሲሆን ስቶፑን አታጥብቡት፤ ንግዱን ተዉት።