ፋቲሓን ስንቀራ መልሱን እናስታውሳለን?

በሁለት ክፍለ ጊዜ መካከል ዙህርን ለመስገድ ስንሮጥ ፋቲሓን በአንድ ትንፋሽ የምንጨርስ ብዙዎች ነን። በልጅነታችን መድረሳ ስለሐፈዝናት ምላሳችን ያውቃታል። በአምስቱ ፈርድ ሶላቶች ብቻ በቀን 17 ጊዜ እንቀራታለን።

አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ባስተላለፉትና ኢማም ሙስሊም በዘገቡት ሐዲሥ ቁድሲ ግን አላህ (ሱ.ወ) ሶላትን በእርሱና በባሪያው መካከል ለሁለት መክፈሉ ተነግሮናል። እዚያ «ሶላት» የተባለችው ፋቲሓ ናት። ስናመሰግነው «ባሪያዬ አመሰገነኝ» ይላል፤ ስናወድሰውና ስናልቀውም ይመልሳል። እርሱን ብቻ እንደምናመልክና ከእርሱ ብቻ እርዳታ እንደምንሻ የምንናገርባት መካከለኛዋ አንቀጽ የጋራ ናት። ቀጥተኛውን መንገድ የምንለምንበት ቀሪው ድርሻ የባሪያው ነው፤ የጠየቀውም ይሰጠዋል።

መካከለኛዋ ላይ ስንደርስ አነጋገራችን ይለወጣል። እስከዚያ ስለ እርሱ ስናወራ ቆይተን «አንተን» እንለዋለን። ዶርም ውስጥ ብቻችንን ስንሰግድ እንኳ የምንናገረው በ«እኛ» ነው፤ ምሪትን ለራሳችን ብቻ አንለምንም።

ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) እንደገለጹት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አንቀጽ በአንቀጽ እየቆሙ ይቀሩ ነበር። እኛም በየአንቀጹ መጨረሻ ትንፋሽ እንውሰድ። ሰባት አጫጭር ፋታዎች ለክፍል አያስረፍዱንም።