የጀበናው አነሳስ

አትላንታ፣ ቻምብሊ። ከቡፎርድ ሀይዌይ ብዙም በማይርቅ አፓርታማ ውስጥ አንድ ኤዲተር የእናቱን ቡና ሲያፈሉ የቀረጸውን ፊልም ይቆርጣል። እናቱ ወደ ጎንደር ተመልሰዋል። በእጁ የቀሩት ሁለት ሾቶች ብቻ ናቸው፤ አንዱ ከሩቅ ሳሎኑን ከነረከቦቱ የያዘ፣ ሌላው «እማዬ፣ እስቲ አንዴ ድገሚልኝ» ብሎ ከቅርብ ያነሳው። በሁለተኛው ላይ ነጠላቸው ከትከሻቸው ወርዷል።

መጀመሪያ ጀበናው ከማቶቱ ሳይነሳ ቆረጠ። የሚንቀሳቀስ ነገር ስላልነበረ ዓይን በቀጥታ ነጠላው ላይ አረፈ። እጃቸው ሲኒው ላይ ደርሶ ከቆመ በኋላ ሲቆርጥም ያው ሆነ። የቀረው መሐሉ ነው። ጀበናው ተነስቶ ሲኒው ጋ እስኪደርስ 24 ፍሬም፣ ማለትም አንድ ሰከንድ ይፈጃል። እጃቸው ፍጥነት በሚያገኝበት በ9ኛው ላይ ቆረጠ። ያን ጊዜ ዓይን እጁን እየተከተለ ነው፤ ነጠላውን ልብ አይልም።

ሆኖም የቅርቡን ሾት ልክ ከ10ኛው ሲያስጀምረው እንቅስቃሴው የዘለለ መሰለ። ዓይን በአዲሱ ምስል ውስጥ እጁን ፈልጎ እስኪያገኝ ጥቂት ፍሬሞች ያመልጡታላ! ስለዚህ ከ7ኛው አስጀመረው፤ ሦስት ፍሬም ተደገመ፣ እጁም ሳይቋረጥ አለፈ። ስድስት ሲደግም ግን ተንገጫገጨ። ይህ ምስሉን አቁመው ቢያፈጡበት አይታይም፤ በሙሉ ፍጥነት ደጋግሞ ማጫወት ያሻል።

ጎንደር ላከላቸው። አይተው ሲጨርሱ ደወሉ።

«ሁለት ጊዜ አስቀድተኸኝ አልነበር? ሁለተኛው የታለ?»