እርማት የማይነካው ቅጂ

የራሴን ጉድ ላጫውታችሁ። ከውርጌሳ ሆኜ ወልድያ ላለችው ፍቅረኛዬ በቴሌግራም «ሁለተኛ እንዳትደውይልኝ» ብዬ ጻፍኩላት። ንዴቴ ሲበርድ ያንኑ መልእክት ከፍቼ «ማታ ደውይልኝ» ብዬ አረምኩት። ቴሌግራም በሁለት ሰዎች ጨዋታ እስከ 48 ሰዓት ማረም ይፈቅዳላ! እሷ ዘንድ ከሰዓቱ አጠገብ edited የምትል ቃል ብቻ ትታያለች፤ የቀድሞው ጽሑፍ አይታይም።

ማታ ደወለችና «መጀመሪያ ምን ብለህ ነበር?» አለችኝ። «ፊደል ተሳስቼ ነው» አልኳት። ለካስ ሳላርመው አንብባ ለእህቷ ልካው ኖሯል! ወደ ሌላ ሰው የተላከው ደግሞ ራሱን የቻለ ቅጂ ስለሆነ የእኔ እርማት አይነካውም። ቃል በቃል አነበበችልኝ።

«ስድቡንስ ይቅር ባልኩህ፤ ውሸትህን ግን በምን ታርመዋለህ?» ብላ ዘጋችው። እናንተዬ፣ ምን ልመልስላት?