ለእማዬ፦ ጥርስሽን ከመነቀልሽ በፊት

ውድ እናቴ፣ እማዬ፣

ወንድሜ ደውሎ፣ ያ የታችኛው መንጋጋሽ እንቅልፍ እንደነሳሽና ሐሙስ ቡሬ ሄደሽ ልታስነቅይው እንደሆነ ነገረኝ። እዚህ ባሕር ዳር ጥርስ ክፍል ለታካሚዎቼ የምነግራቸውን ለአንቺም ጽፌልሻለሁ፤ ማታ ያንብብልሽ።

ከሁሉ በፊት ይህን ያዥልኝ። ጥርሱ በወጣበት ጉድጓድ ውስጥ ደም ይረጋል። የረጋው ደም ከሥር ያለውን አጥንትና ነርቭ የሚሸፍን ነው፤ አዲሱ ሥጋም የሚበቅለው በእሱ ላይ ነው። ቁስል ላይ እንደሚይዝ ቅርፊት ቁጠሪው። ከዚህ በታች የምነግርሽ አብዛኛው ነገር እሱን ለመጠበቅ ነው።

ሐኪሙ ሲጨርስ ፋሻ ያስነክስሻል። ለግማሽ ሰዓት ያህል አጥብቀሽ ያዢው፤ ደሙ ቆመ ወይ እያልሽ እያወጣሽ አትዪው። ማደንዘዣው እስኪለቅሽ ጥቂት ሰዓት ይወስዳል፤ ጉንጭሽን ወይም ምላስሽን ሳታውቂ ልትነክሺ ስለምትችዪ እስከዚያው ምግብ አትቅመሺ። ያን ቀን አፍሽን አትጉመጥመጪ፣ ምራቅሽንም በኃይል አትትፊ፤ ትንሽ ቢቀላም ዋጪው። ጉድጓዱን በምላስሽ አትነካኪው፣ አትምጠጪውም። ቡናው ቀዝቀዝ ይበልልሽ፤ ትኩስ ነገር ደሙን መልሶ ያነሳዋል። ሌሊት በትራስ ላይ ትራስ ደርበሽ ራስሽን ከፍ አድርገሽ ተኚ።

እስከ ማግስቱ ምራቅሽ ቀላ ቢል አትደንግጪ፤ ጥቂት ደም ከምራቅ ጋር ሲቀላቀል ብዙ ይመስላል። ደሙ አፍሽን እየሞላ ከመጣ ግን ንጹሕ ፋሻ ጠቅልለሽ በውኃ አርጥቢው፣ ልክ ጉድጓዱ ላይ አድርጊና ቁጭ ብለሽ ግማሽ ሰዓት ንከሺው። ያም ካላቆመው ሌሊትም ቢሆን ወደ ሕክምና ሂጂ። የደም ግፊት መድኃኒትሽን ለጥርሱ ብለሽ አታቋርጪ፤ ግፊቱ ከፍ ካለ ደሙ ቶሎ አይቆምም። መድኃኒቱን እንደምትወስጂም ለሐኪሙ አስቀድመሽ ንገሪው።

ለሕመሙ ሐኪሙ ሌላ ካላዘዘልሽ ባለ 500 ሚሊግራም ፓራሲታሞል ሁለት ፍሬ በየስድስት ሰዓቱ ይበቃሻል፤ በቀን ከስምንት ፍሬ አይለፍ። የመጀመሪያውን ማደንዘዣው ሳይለቅሽ ውሰጂው። ለሕመም ብለሽ አስፕሪን አትዋጪ፤ ደም እንዳይረጋ ያደርጋል።

አንዲት እናት ትዝ ይሉኛል። የታችኛው መንጋጋቸው በወጣ ማግስት ሕመሙ ቀለል ብሏቸው ነበር። ጎረቤት ግን ያጸዳዋል ብሎ አረቄ እንዲጉመጠመጡ መከራቸው፤ እሳቸውም አደረጉት። በሦስተኛው ቀን እስከ ጆሯቸው የሚዘልቅ ሕመም ይዟቸው መጡ፤ አፋቸው ክፉ ይሸታል። ጉድጓዱን ሳየው የረጋው ደም ወጥቶ ነጩ አጥንት ይታያል። ይህ በታችኛው መንጋጋ ላይ ይበልጥ ይደርሳል። ምልክቱም ሕመሙ በመቀነስ ፈንታ በሦስተኛው ቀን ገደማ መባሱ ነው። ጉድጓዱን አጥቤ መድኃኒት የነካ ፋሻ ስከትላቸው ፊታቸው ወዲያው ፈታ አለ። እንዲህ ከሆንሽ ከቤት የተረፈ አሞክሳሲሊን አትዋጪ፣ የተወቀጠ ቅርንፉድም አትጠቅጥቂበት፤ ወደነቀለሽ ሐኪም ተመለሺ።

ከተነቀልሽ ከአንድ ቀን በኋላ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ለብ ባለ አንድ ብርጭቆ ውኃ በጥብጠሽ፣ ምግብ በበላሽ ቁጥር አፍሽ ውስጥ ቀስ ብለሽ አገላብጪው፤ ለአንድ ሳምንት ያህል። በኃይል አትትፊው፣ ከአፍሽ ዝም ብሎ ይፍሰስ። ሌሎቹን ጥርሶችሽን እንደወትሮው ፋቂ፣ ጉድጓዱን ብቻ ተዪው። ለጥቂት ቀን ቆሎና የቡሬ በርበሬ ይቅርብሽ። የቀዘቀዘ አጥሚት፣ በርበሬ ያልበዛበት የሽሮ ፍትፍት፣ ሙዝ፣ ጾም ካልሆነ እርጎ ጥሩ ነው፤ በሌላኛው በኩል አኝኪ። አረቄና ጠላ ግን ቁስሉ እስኪጠግ ድረስ ይቆዩሽ።

ጉንጭሽ እስከ ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀን ቢያብጥ ያለ ነው፤ ከዚያ መጉደል አለበት። ከሦስተኛው ቀን በኋላ እብጠቱ ከጨመረ፣ ትኩሳት ወይም መግል ከመጣ፣ አፍሽን መክፈት ካስቸገረሽ ሳታድሪ ቡሬ ሂጂ። መዋጥ ወይም መተንፈስ ከከበደሽ ወይም አንገትሽ ካበጠ ግን ለደቂቃም አትቆዪ፤ ፈጥኖ የሚያደርስሽ ወደ ቡሬም ሆነ ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ይውሰድሽ።

ሐሙስ ማታ ወንድሜ ይደውልልኝ፤ ደሙ መቆሙንና ስንት ፍሬ እንደዋጥሽ ይንገረኝ። እሁድ ደግሞ እኔ ደውዬ ሕመሙ ቀነሰ ወይስ ባሰ ብዬ እጠይቅሻለሁ። እንዳልጨነቅ ብለሽ እንዳትደብቂኝ፣ እማዬ።

የምትወድሽ ልጅሽ