ባርኮድ ወይስ የሬዲዮ ታግ? የአንድ መለዋወጫ መጋዘን ነገር

መጋዘን ያላችሁም ሆነ መጋዘን ውስጥ የምትሠሩ ወዳጆቼ፣ ይቺ ጽሑፍ ረዘም ስለምትል ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቧት። "ለዕቃ መከታተያ ባርኮድ ይሻላል ወይስ አርኤፍአይዲ?" የሚል ጥያቄ በኢንቦክስ በተደጋጋሚ ይመጣልኛል። እኔ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነኝ፣ ነጋዴ አይደለሁም። ጥያቄው እኔ ጋ የሚመጣው ያለፈውን ክረምት አጎቴ መጋዘን ውስጥ ይህንኑ ሳጣራ ስለከረምኩ ነው።

መጋዘኑ ቃሊቲ ነው፣ 600 ካሬ አካባቢ። የመኪና መለዋወጫ ነው የሚይዘው፤ ፊልትሮ፣ የፍሬን ሸራ፣ ኩሽኔታ፣ ካንዴላ፣ ቺንጋ፣ ዘይት፣ ኩላንት። 1,400 ያህል ዓይነት ዕቃ አለ፣ ሲቆጠር ወደ 11,000 ሳጥን ይሆናል። በቀን 250 ያህል ይወጣል። እንግዲህ መካከለኛ መጋዘን የሚባለው ይሄ ነው።

ነገሩ የተነሳው በዓመታዊ ቆጠራው ነው። 61 ዓይነት ዕቃ ላይ ጉድለት ተገኘ። ስቶር ኪፐሯ ስትቀጠር የተረከበችውን ሁሉ ፈርማለች፤ ስለዚህ ጉድለቱ ከደመወዟ በየወሩ እንዲቆረጥ ተወሰነ። ሁለት ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት። አጎቴ ደግሞ በዚያው ሰሞን አንድ ሻጭ በስልኩ ቪዲዮ አሳይቶት ነበር። በሩ ላይ አንቴና ይተከላል፣ ዕቃው በጋሪ ተጭኖ ሲያልፍ ማሽኑ በሬዲዮ ራሱ ይቆጥረዋል፣ የሰው እጅ አይነካውም። "ከዚህ በኋላ ሰው ማመን ቀረ፣ በሩ ይቆጥርልኛል" አለኝ። "ጋሼ፣ ከመግዛትህ በፊት የጉድለቱን ዝርዝር ልየው" አልኩት።

ዝርዝሩ ብዙ ነገር ተናገረ። የቆጠራ ወረቀቱ ላይ ጉድለት ብቻ ሳይሆን ብልጫም ነበር፤ ብልጫውን ግን ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም፣ የተደመረው ጉድለቱ ብቻ ነው። ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው አንዱ የዘይት ፊልትሮ 38 ይጎድላል፣ ሳጥኑ ከሱ ጋር አንድ የሚመስለው፣ ቁጥሩ በመጨረሻው ፊደል ብቻ የሚለየው ሌላ ፊልትሮ ደግሞ 36 ይበልጣል። እንዲህ ዓይነት ጥንድ 31 አገኘሁ። ሌባ አንዱን ሰርቆ የሌላውን አይሞላም፤ ይሄ የወጣው ዕቃ በተሳሳተ ስም ሲመዘገብ የሚመጣ ነው። በሌሎች 17 ዕቃዎች ላይ ደግሞ ጉድለቱ 11፣ 22፣ 23፣ 33 እያለ ይሄዳል። ካንዴላ በካርቶን 12 ነው የሚመጣው። ሙሉ ካርቶን ወጥቶ ቢን ካርዱ ላይ "1" ተብሎ ከተጻፈ መዝገቡ ላይ አንድ ብቻ ይቀነሳል፣ ቀሪው 11 በቆጠራ ጊዜ ጉድለት ሆኖ ይወጣል። የ24ቱ ካርቶን 23 ይሰጣል። መጋዘን ያላችሁ ሰዎች፣ የቆጠራ ወረቀታችሁን አውጡና ይቺን ቁጥር ፈልጓት፦ የካርቶኑ ብዛት ሲቀነስ አንድ፣ ወይም የሱ ብዜት።

የቀሩት 13 ዕቃዎች ናቸው። እነሱ ምን እንደሆኑ ከወረቀቱ ማወቅ አልተቻለም።

ስለዚህ የሚገዛው ነገር ሁለት ሥራ መሥራት አለበት። የሚመሳሰሉ ሳጥኖችን መለየት፣ ካርቶንን ከፍሬ መለየት። አሁን ወደ ሁለቱ ዕቃዎች እንምጣ።

ባርኮድ ሁላችሁም የምታውቁት ነው። አንድ ሰው ሳጥኑን ይዞ፣ መስመሩን አይቶ፣ በማንበቢያው ያነጣጥራል፣ ቢፕ ይላል። የሬዲዮ ታግ ደግሞ ተለጣፊ ወረቀት ውስጥ የተኛች ቺፕና ቀጭን አንቴና ናት። ለመጋዘን የሚሸጠው አብዛኛው ዩኤችኤፍ የሚባለው ነው፣ ባትሪ የለውም። አንባቢው ማሽን ሞገድ ይልካል፣ ታጉ ከዚያው ሞገድ ጉልበት ወስዶ ቁጥሩን ይመልሳል። መታየት አያስፈልገውም፣ በአንድ ሰከንድ ብዙ ታግ ይነበባል፣ ርቀቱም ሁኔታው ከተመቸ ብዙ ሜትር ይሄዳል። ሻጩ በዚህ አልዋሸም። "ሁኔታው ከተመቸ" የሚለውን ግን አልነገረውም።

ከአንድ ወዳጄ የእጅ አንባቢ ተውሼ፣ 20 ናሙና ታግ ይዤ መጋዘኑ ገባሁ። ባዶ ካርቶን ላይ ለጥፌ ከአምስት ሜትር ያለ ችግር አነበበ። አጎቴ ደስ አለው። ቀጥዬ የፊልትሮው ቆርቆሮ ላይ ለጠፍኩት፤ አንባቢውን ብናስጠጋውም ዝም። ብረት ሞገዱን ይመልሰዋል፣ በላዩ የተለጠፈ ተራ ታግ ደግሞ አንቴናው ይበላሽበታል። ታጉንና ቆርቆሮውን በአንድ ሴንቲሜትር ካርቶን ሳለያያቸው ከሁለት ሜትር አነበበ። ታዲያ ፊልትሮው ሳጥን ውስጥ ነው፣ ብረቱ አንዳንዴ ከሳጥኑ ግድግዳ ጋር ይገጥማል፣ አንዳንዴ ራቅ ይላል። 20ውን ታግ 20 ሳጥን ላይ ለጥፈን ስንደረድር 13 አነበበ። ጋሪውን ስናዞረው 17። መልሰን ስናዞረው 14።

ዘይቱ ገርሞኛል። ብዙ ሰው "ፈሳሽ ታግ ያበላሻል" ይላል፤ ሞተር ዘይት ግን በፕላስቲክ ጀሪካን ብዙም አላስቸገረም። ሞገዱን የሚውጠው ውሃ ነው። ኩላንት ውሃ ስላለበት ታጉ ወደ አንባቢው ሲዞር ይነበባል፣ ከጀሪካኑ ጀርባ ሲሆን ይጠፋል። ክፍል ውስጥ ባስተምረው ልጆቹ የሚወዱት ሙከራ ነበር።

በሩ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ችግር አለ። ጉልበቱን ከፍ ስናደርገው ከበሩ አራት ሜትር የራቀ መደርደሪያ ላይ ያለውን፣ ማንም ያልነካውን ዕቃ ጭምር አነበበ። እንዲህ ከሆነ ያልተሸጠ ዕቃ "ወጣ" ተብሎ ይመዘገባል። ዝቅ ስናደርገው በጋሪው መሐል ያለው ሳጥን ቀረ። ባለሙያዎች ይህን አንቴናውን በማዞር፣ በሩን በብረት መረብ በመከለል፣ ዕቃውን ከበሩ በማራቅ ያስተካክሉታል። የአጎቴ መጋዘን በር ግን አንድ ነው፣ ዕቃውም እስከ በሩ ድረስ ነው የሚደረደረው።

እኔን ግን ከሁሉ ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ባርኮድ ካልተነበበ ቢፕ አይልም፤ ዕቃውን የያዘው ሰው እዚያው ያውቀዋል፣ ይደግማል፣ እምቢ ካለ ቁጥሩን በእጁ ይጽፋል። ታግ ካልተነበበ ግን ምንም ድምፅ የለም። የሌለ ዕቃና ያልተነበበ ዕቃ ለማሽኑ አንድ ናቸው። 20 አልፎ 17 ሲነበብ የቀሩት ሦስቱ አሁንም መጋዘን ውስጥ እንዳሉ ሆነው መዝገብ ላይ ይቀመጣሉ፣ በዓመቱ መጨረሻ ጉድለት ሆነው ይመጣሉ። የሚፈርመው ማነው? ስቶር ኪፐሯ። ይህን ለአጎቴ ስነግረው ዝም አለ። እሷ ግን ከኋላ ሆና "ቲቸር፣ ያ ማሽን ከመጣስ እኔ ሥራውን እለቃለሁ" አለች፣ እየሳቀች ቢሆንም።

ዋጋውን በአጭሩ። ተራ ታግ በብዛት ሲገዛ 10 የአሜሪካ ሳንቲም አካባቢ ነው የተነገረን፣ ለብረት የሚሆነው ከአንድ ዶላር በላይ። ትንሽ ይመስላል። ግን ታጉ ከዕቃው ጋር ተሸጦ ይሄዳል፣ አይመለስም። በቀን 250 ሳጥን፣ በወር 26 ቀን፣ 6,500 ታግ ነው፤ በርካሹ ታግ ብቻ በወር 650 ዶላር። ባርኮዱን ግን አብዛኛው ሳጥን ከፋብሪካው ታትሞበት ነው የሚመጣው። ደግሞም የሬዲዮ አንባቢ ከውጭ የምታስመጡ ሰዎች ፍሪኩዌንሲውን ጠይቁ። የአሜሪካው ከ902 እስከ 928 ሜጋኸርዝ ነው፣ የአውሮፓው ከ865 እስከ 868። የአሜሪካው ከ900 የሞባይል መስመር ጋር ይደራረባል። ከመግዛታችሁ በፊት ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ጋ ጎራ በሉ።

በመጨረሻ ባርኮድ ገባ። ሁለት በባትሪ የሚሠሩ የእጅ ማንበቢያዎች፣ አንድ የሌብል ማተሚያ። መብራት ሲጠፋ ማንበቢያው ይዞ ይቆይና ሲመለስ ወደ ኮምፒውተሩ ያስተላልፋል። ሥራው የበዛው መግዛቱ ላይ አይደለም፣ ምዝገባው ላይ ነው። የካርቶኑ ባርኮድ ብዙ ጊዜ ከፍሬው ባርኮድ የተለየ ነው፤ ሁለቱም ተመዘገቡ፣ ካርቶኑ "12 ፍሬ ነው" ተብሎ። ከዚያ በኋላ ካርቶን ሲነበብ 12 ይቀነሳል፣ የሰው ትዝታ አያስፈልግም። አንዳንድ ፋብሪካዎች ደግሞ ለሁለት የተለያየ ሞዴል አንድ ባርኮድ ያትማሉ። ይሄ የሚታወቀው አዲስ ዕቃ ሲገባ ሲስተሙ "ይህ ቁጥር አለ" ሲል ነው፤ እንዲህ ላለው፣ ባርኮድ ለሌለውም፣ የራሳችንን ኮድ 128 አተምን። ማተሚያው በሪባን የሚያትም ይሁን፤ ያለ ሪባን በሙቀት ብቻ የሚታተመው ወረቀት ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር እየደበዘዘ ይሄዳል።

ታግ በእውነት የሚበልጥበት ቦታ ቆጠራ ነው። 11,000 ሳጥን አንድ በአንድ በስድስት ሰከንድ ሂሳብ ከ18 ሰዓት በላይ ይወስዳል፣ በታግ ግን በመደርደሪያው መሐል መራመድ ይበቃል። ብረትም ውሃም የሌለበት ልብስ የሚሸጥ ቢሆን እኔም ታግ በል እለው ነበር፤ ዲካትሎን የስፖርት ልብሶቹን የሚከታተለው በዚህ ነው። እኛ ቆጠራውን ከፋፈልነው። ስቶር ኪፐሯ በየጠዋቱ ከሱቁ መከፈት በፊት 60 ዓይነት ትቆጥራለች፣ በወር 1,400ው አንዴ ይዞራል። ስህተት ሲገኝ የወር እንጂ የዓመት ዕድሜ የለውም፣ ማን እንዳወጣውም ይታወሳል።

ከደመወዟ ሊቆረጥ የነበረውን በተመለከተ፣ አጎቴ ምክንያታቸው የተገኘላቸውን 48ቱን ሰረዘ። በ13ቱ ላይ ገና እየተነጋገሩ ነው። እሱ ደግሞ አሁን ለጋራዦች በውሰት የሚወጡትን ክሪኮችና ትላልቅ መፍቻዎች በብረት ታግ ልያዝ ወይ እያለኝ ነው። 40 ናቸው፣ ሄደው ይመለሳሉ፣ ታጉም አብሮ ይመለሳል። ለዚያ እሺ ብዬዋለሁ፣ በመጪው ቅዳሜ አሥሩን እንሞክራለን።